የቡና ማዕዘን ከየት ይጀመራል? ከአየሩ!

ጥያቄ፦ «ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሳሎናችን 3.60 በ4.20 ሜትር ነው። መግቢያውና በረንዳው ፊት ለፊት ናቸው። የበረንዳው በር በስተቀኝ፣ መስኮቱ በስተግራ ነው። ኩሽናው መግቢያው አጠገብ በግራ አለ። አንዱን ጥግ ለቡና ብቻ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ በርጩማ፣ ረከቦትና የትሪ መደርደሪያ ያለው። አሁን የማፈላው ከመግቢያው አጠገብ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው፤ ጭሱ አይወጣም። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ አይሆንላቸውም። የሁለት ዓመት ልጅም አለኝ። ከሰሉን መተው አልፈልግም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በርጩማና መደርደሪያ ከመግዛትሽ በፊት አንዲት ፍሬ ዕጣን ለኩሺ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የቤት ውስጥ ዲዛይን ሥራ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። «የቡና ቦታ ሥሩልኝ» የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ባዶ ጥግ ነው። ሶፋ ያልደረሰበት፣ ሰው የማያልፍበት፣ የቤቱ ጥልቅ ጥግ። ለዓይን ያምራል፤ ለከሰል ግን ከቤቱ ሁሉ መጥፎው ቦታ እሱ ነው። አየር እንደ ወንዝ ነው። ከአንዱ ክፍት ወደ ሌላው ክፍት መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ጥግ ጥጉን ግን አይነካውም። ጥግ ላይ ያለ አየር ወንዝ ዳር እንደ ተኛ ውኃ ነው፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይሽከረከራል። የቴሌቪዥኑ ጎን ጭሱን የማይለቀው ለዚህ ነው።

ዕጣኑን እንዲህ አድርጊው። ቡና በምታፈይበት ሰዓት ይሁን፤ የጠዋትና የከሰዓት ነፋስ አንድ አይደለም። የኩሽናውን መስኮት ክፈቺ። የበረንዳውን በር ክፈቺ። ማጨሻውን ወለል ላይ አስቀምጪና ራቅ ብለሽ እዪ። ጭሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋል። ወዴት ታጠፈ? በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ባለበት ከፍታ፣ ማለትም ከወለሉ ከ90 ሳንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር፣ ጭሱ ወዴት ነው የሚሄደው? ማጨሻውን አራት አምስት ቦታ አዘዋውረሽ ሞክሪ። ቴሌቪዥኑ ጋ ስታስቀምጪው እዚያው ሲንሳፈፍ ታያለሽ። በረንዳው አጠገብ ስታስቀምጪው ግን ተስቦ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። ይህንን ሁለት ሦስት ቀን አድርጊው። አንድ ቀን ብቻ የታየ ነፋስ አይታመንም።

በሙከራው ጊዜ የኩሽናሽ አየር መሳቢያ ካለ አጥፊው። እሱ ሲሠራ አየሩን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ጭሱ በረንዳውን ትቶ በእንግዶችሽ ፊት አቋርጦ ወደ ኩሽና ይሄዳል። ቡና በተፈላ ቁጥርም መጥፋቱን አትርሺ።

አሁን ስለ ከሰሉ በግልጽ ልንገርሽ። የሚያስለቅሰው ጭስና የሚጎዳው ጋዝ አንድ አይደሉም። ከሰል ሲቀጣጠል የሚያጨሰው፣ ቡናው ሲቆላ የሚጨሰው ዓይንሽን ያቃጥላል፣ ታዪዋለሽ፣ ትሸሺዋለሽ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ብዙ ሰው «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ይላል። ጭሱ ያልቃል፤ ጋዙ ግን ፍሙ አመድ እስኪሆን ድረስ ይወጣል። በረንዳ ላይ አቀጣጥሎ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፣ ለዓይንና ለመጋረጃ። ለጋዙ ግን መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው የሚያልፍ አየር ብቻ ነው።

ምልክቱን እኛ አገር በሌላ ስም እንጠራዋለን። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት መዛል። «ምች ነው»፣ «ቡናው ከብዶኝ ነው»፣ «ሐራራ ነው» ይባላል። ለይተሽ ለማወቅ ሰዓቱን እዪ። ሐራራ ቡና ከመጠጣትሽ በፊት ይመጣል፣ አቦል ሲደርስ ይለቅሻል። ከሰሉ የሚያመጣው ግን አቦል ላይ ደህና የነበረውን ሰው ቶና ላይ ራሱን ያሲዘዋል፣ በረካ ላይ ያጫጫነዋል። ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይደለም የሚታመመው። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ራሴን» ካለና በረንዳ ወጥቶ ሲተነፍስ ከቀለለው፣ ጥፋቱ የቡናው አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሁሉ ቀድመው ይጎዳሉ።

እናቴ ቤት ያየሁትን ልንገርሽ። ማዕዘኑን ያደራጀሁላት እኔ ነኝ፤ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ። ከመጋረጃ የራቀ፣ ከንፋስ የተጠለለ፣ በሦስት በኩል ግድግዳ ያለው ቦታ መረጥኩላት። ከሰሉ አይበተንም፣ አመዱ አይበንም ብዬ። ክረምት ገባና መስኮቱ መዘጋት ጀመረ። እናቴ በየቀኑ ከቡና በኋላ ራሷን በሻሽ አስራ ትተኛ ነበር። «ዕድሜ ነው» ትል ነበር፣ እኛም አመንናት። አንድ እሑድ ጎረቤቶቿ መጥተው ሁለቱ አንድ ላይ አዞራቸው። ያን ቀን ነው የገባኝ። ምድጃውን በር አጠገብ አመጣነው፤ ሻሹም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የአየሩን መንገድ ሳላይ ለማንም የቡና ቦታ አልመረጥኩም።

ወደ ቤትሽ እንመለስ። በነገርሽኝ ልክ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ዕጣኑ እንደገመትኩት አየሩ ከኩሽና መስኮት ገብቶ በበረንዳው በር የሚወጣ መሆኑን ካሳየሽ፣ ቦታሽ በረንዳው አጠገብ ያለው የቀኝ ጥግ ነው። ጥግ ነው ብለሽ አትፍሪ። ከመውጫው ጋር የተጣበቀ ጥግ ከጥልቁ ጥግ ይለያል። መርሁ አንድ ነው፦ ሰው አየሩ በሚመጣበት በኩል፣ ከሰሉ አየሩ በሚወጣበት በኩል። በከሰሉና በመውጫው መካከል ማንም አይቀመጥ።

የቀኙን ግድግዳ ጀርባሽን ስጪው። ስትቀመጪ በረንዳው በቀኝ እጅሽ፣ መግቢያው በር በግራ እጅሽ፣ ሳሎኑ ከፊትሽ ይሆናል። ፈርኔሎውን ከፊትሽ ወደ ቀኝ ዘወር አድርጊው፣ ከበረንዳው ደፍ 70 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ። ረከቦቱ ከፊትሽ ወደ ግራ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጀበናውን በቀኝ እጅሽ ከፍሙ ታነሺና ወደ ረከቦቱ ታመጪዋለሽ። እጅሽ በሰው ፊት አያልፍም። ግራኝ ከሆንሽ ግን ንገሪኝ፤ የዕቃው አቀማመጥ ይቀየራል።

ጎንሽን ለአየሩ ሰጥተሽ መቀመጥሽ በዘፈቀደ አይደለም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ብዙውን የምትተነፍሺው አንቺ ነሽ። የምታራግቢው፣ የምትቆዪው፣ ፍሙ ላይ የምታጎነብሺው አንቺ ነሽ። አየሩ ከፊትሽ ከመጣ ጭሱን ፊትሽ ላይ ያመጣዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አየሩ ከጀርባ ሲመጣም ጥሩ አለመሆኑ ነው። ሰውነትሽ ነፋሱን ይጋርደዋል። ከፊትሽ የተጋረደ ቦታ ይፈጠርና ጭሱ እዚያ እየተሽከረከረ ወደ አፍንጫሽ ይመለሳል። ከጎን የሚመጣ አየር ግን ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል። ስታራግቢም በማራገቢያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ በረንዳው አራግቢ።

የበረንዳው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከሰሉን ከማምጣትሽ በፊት ሙሉ በሙሉ ከፍተሽ በመንጠቆ ያዢው። ነፋስ መልሶ የዘጋው በር ፈርኔሎ ሲገለብጥ አይቻለሁ። መጋረጃው በቡና ሰዓት ተሰብስቦ ይታሰር፣ ከፍሙ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከፈርኔሎው ሥር ያለው ወለል ሴራሚክ ከሆነ ደህና ነው። ፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም ሸራ ከሆነ አንድ 60 በ60 የሆነ ትርፍ ሴራሚክ ግዢና ፈርኔሎውን እሱ ላይ አድርጊው። አሁን አሁን በቄጠማ ፈንታ የሚነጠፈው አርቴፊሻል ሳር ያምራል፤ ግን ፕላስቲክ ነው። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከከሰሉ የከፋ ነው። የምትወጂው ከሆነ ከፈርኔሎው አንድ ሜትር ዙሪያ ቆርጠሽ አንሺው። እርጥብ ቄጠማ ይሻላል፤ እሱም ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታልና ሲኒ የምታዞሪበትን መተላለፊያ ባዶ ተዪው።

ዕጣኑ ነፋሱ ወደ ውስጥ፣ ከበረንዳ ወደ ኩሽና እንደሚሄድ ካሳየሽ ግን ይህን ሁሉ እንዳለ አታድርጊው። ያን ጊዜ የኩሽናውን መስኮት ዝጊ። የበረንዳውን በርና ከጎኑ ያለውን መስኮት፣ በተለይ የላይኛውን ክፍል ክፈቺ። ቀዝቃዛው አየር በበሩ ታችኛ ክፍል ይገባል፣ የሞቀው በላይ ይወጣል። በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚሠራ አየር ደካማ ነው፤ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ ፈርኔሎው ከዚያ ግድግዳ ከአንድ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ከሰሉም ይቀንስ፣ ሰዓቱም ይጠር። ነፋሱ በጣም በሚገፋበት ቀን መቁላቱን በረንዳ ላይ ጨርሺውና ለማፍላቱ ብቻ ኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀሚ። ከሰሉን መተው እንደማትፈልጊ ተረድቻለሁ፤ እኔም ጣዕሙን እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ ለእነዚያ ቀናት አንዲት ትንሽ ምድጃ ቤት ውስጥ ትኑር። 1000 ዋት የሆነችውን ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኪያት እንጂ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኪያት።

አሁን በርጩማው። ገበያ ላይ የሚያምሩት አብዛኞቹ በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ 18 ወይም 20 ሳንቲሜትር። እዚያ ላይ ስትቀመጪ ጉልበትሽ ከወገብሽ በላይ ይወጣል፣ ጀርባሽ ይጎብጣል። ለአንድ ሲኒ ይቻላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ግን አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ወገብሽ ይነግርሻል። ለአንቺ 25 ሳንቲሜትር፣ ለእንግዶች ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር እመክራለሁ። አንቺ ዝቅ የምትዪው ሥራሽ ወለሉ አጠገብ ስለሆነ ነው። እንግዳው ግን ሥራ የለውም፤ የሚያስፈልገው ምቾትና በቀላሉ መነሣት ነው።

ያንቺን በርጩማ ከረከቦቱ ጋር አንድ ላይ ለኪው። ለየብቻ አይገዙ። የረከቦቱ ገጽ ከመቀመጫሽ እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ያለ ይሁን። ዝቅ ካለ ሲኒ ላይ ለመድረስ ትታጠፊያለሽ። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጀበናውን ለመቅዳት ትከሻሽን ታነሺያለሽ፣ ክንድሽ ይንቀጠቀጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ጀበናውን ቀዝቃዛ ውኃ ሙይና ተቀምጠሽ ስድስት ሲኒ በተከታታይ ቅጂ። ክንድሽ ከጎንሽ ሳይርቅ፣ የጀበናው አፍ ከሲኒው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ከቀዳሽ ልኩ ያ ነው። ወገብሽን ይዘሽ ከተነሣሽ አይደለም። ይህን ሙከራ ሱቅ ውስጥም ማድረግ ይቻላል፤ ጀበና ይዞ መሄድ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሻጩ ይገረም ይሆናል፣ ግን በርጩማው ለዓመታት ነው የሚያገለግልሽ።

ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ጎርባጣ ወለል ላይ አይወላገድም፤ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ መሬት ይነካል። ችግሩ የተቀመጠው ሰው በሁለት እግሮች መካከል ወደ ውጭ ዘንበል ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ይገለበጣል። ቡና ላይ ደግሞ ሰው ዘንበል ይላል፤ ሲኒ ለመቀበል፣ ፈንዲሻ ለመዝገን። ሴራሚክ ላይ አራት እግር ይሻላል፤ እግሮቹ ሥር ጎማ ይለጠፍ። ባለ ሦስት እግሩን ከወደድሽው ለወጣቶቹ ይሁን።

አማትሽን በርጩማ ላይ ለማስቀመጥ አትሞክሪ፣ ትራስ እየደራረብሽም ቢሆን። ጉልበት የሚያመው ሰው ችግሩ መቀመጡ ላይ ሳይሆን መነሣቱ ላይ ነው። 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ወንበር አዘጋጂላቸው። እጃቸውን ተጭነው ይነሣሉ። አንዳንድ ቤት ሽማግሌውን ሶፋ ላይ አስቀምጠው ሌላው ታች ይሆንና ወሬው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ይህ እንዳይሆን ወንበራቸው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክብ ውስጥ ይግባ፣ ከአንቺ በስተግራ፣ የአየሩ መግቢያ በኩል። ምክንያቱ ክብር ብቻ አይደለም። የሞቀ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከሌላው የበለጠ ያገኘዋል። ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ ንጹሕ አየር ባለበት በኩል መሆን አለባቸው። አጠገባቸው ከ50 እስከ 55 ሳንቲሜትር የሆነች ትንሽ ጠረጴዛ ይኑር፤ ሲኒያቸውን ለማስቀመጥ ወደ ወለል እንዳያጎነብሱ።

ለአንድ ሰው 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያዢ። ከረከቦቱ መሐል 1.20 ሜትር ርቀት ላይ ግማሽ ክብ ብትሠሪ ስድስት ሰው ይቀመጣል። በሳሎንሽ ስፋት ይሄ ልክ ነው። ግን በረንዳው በኩል ያለውን ጫፍ ባዶ ተዪው፤ የጭሱ መንገድ ነው። አምስት መቀመጫ ይበቃሻል፤ የአማትሽን ወንበር ጨምሮ። በክቡና በመግቢያው በር መካከል 80 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ይቅር። ሲኒ የምታዞረው ልጅ በዚያ ትመላለሳለች፣ በፍሙ በኩል አታልፍም።

የትሪ መደርደሪያው ከአንቺ በስተግራ በቀኙ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ከፍሙ በተቃራኒ። ጫፉ ከፈርኔሎው ቢያንስ 70 ሳንቲሜትር ይራቅ። ከምድጃ በላይ መደርደሪያ አይሰቀልም። እንጨቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲኒው ጥላሸት ይለብሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ላይ ያለውን ለማንሣት በፍሙ ላይ ትዘረጊያለሽ። ነጠላ የለበሰች ሴት በፍም ላይ እጇን መዘርጋት የለባትም።

ከፍታው የሚለካው ተቀምጠሽ ነው። 25 ሳንቲሜትር በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ወደ ጎን ዘርጊ። ትከሻሽ ከወለሉ ከ75 እስከ 80 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ያስነሣሻል። አንዴ ቡና ላይ ከተቀመጥሽ ደግሞ ባትነሺ ይመረጣል፤ መነሣት ማለት ሕፃን ልጅና ፍም አንድ ላይ ትተሽ መሄድ ነው። ስለዚህ ሁለት ንጣፍ ይበቃል፤ አንዱ 35፣ ሌላው 65 ሳንቲሜትር ላይ። ላይኛው የሲኒው ትሪ ነው፣ ስኳሩና ማንኪያው። ታችኛው የቡና ቁርሱ ትሪ፣ የተቆላው ቡና የሚቀመጥበት ዕቃ። ከሥሩ ወለሉ ላይ ሙቀጫውና ዘነዘናው። ርዝመቱ 80 ሳንቲሜትር ይሁን። ጥልቀቱን ግን እኔ አልነግርሽም፤ ትሪሽን ለኪና ሦስት ሳንቲሜትር ጨምሪበት። መደርደሪያ አሠርተው ትሪው ወደ ፊት ወጥቶ የሚንጠለጠልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ልጁ ሲያልፍ በጭንቅላቱ ይገፋዋል፣ ሲኒው ሁሉ ይወርዳል። ጠርዙ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መከታ ይደረግ።

ትኩስ ጀበና መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ቦታው ማቶቱ ነው፣ ማቶቱም ረከቦቱ አጠገብ ወለሉ ላይ፣ አንቺ ከልጁ የምትጋርጂበት በኩል።

ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ ተጠንቀቂ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ባለሙያው ተራ ፊሸር አስገብቶ ቢሰቅለው ለጥቂት ወር ይይዛል፤ ከዚያ እየላላ ይመጣል። ምልክቱ በመደርደሪያውና በግድግዳው መካከል የምትታይ ቀጭን ክፍተትና ወለል ላይ የሚራገፍ ነጭ ዱቄት ነው። ለባዶ ብሎኬት የሚሆን፣ ውስጥ ገብቶ የሚዘረጋ ፊሸር አለ፤ እሱን ይጠቀም። እኔ ብሆን ግን ወለል ላይ የሚቆም መደርደሪያ አሠርቼ ላይኛውን ጫፍ ብቻ ከግድግዳው ጋር በሁለት ብሎን አስረው ነበር። ክብደቱ ወለል ላይ ያርፋል፤ ብሎኑ ልጁ ቢንጠለጠልበት ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ነው የሚይዘው።

ስለ ልጁ። አንቺ፣ ረከቦቱና ፈርኔሎው በግድግዳውና በበረንዳው በር መካከል ስለሆናችሁ ልጁ ወደ ፍሙ የሚመጣው በአብዛኛው በክቡ መሐል ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ ይቀመጥ፤ ከረከቦቱ ማዶ፣ ፊት ለፊትሽ። ያ ወንበር የልጁ ጠባቂ ወንበር ነው፤ ቡና ላይ ስትጠራሩ ማን እንደሚይዘው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከፍሙ ይልቅ ሕፃንን የሚያቃጥለው የፈላ ጀበና ነው። ከተቃጠለ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያዢው። ቅቤም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ከዚያ ሐኪም ይየው።

ክረምት ሲመጣ ይህ ሁሉ ይፈተናል። ብርድ ነው፣ ዝናቡ በበረንዳ ይገባል፣ አማትሽ «በሩን ዝጉልኝ» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ብርዱ ጉልበታቸውን ይቆረጥማል። በሩን ግን አትዝጊው። የበረንዳውን በር አንድ ስንዝር ክፍት ተዪው፣ የመስኮቱን ላይኛ ክፍል ክፈቺ፣ የኩሽናውንም እንዲሁ። ለእሳቸው ጋቢ፣ ለእግራቸው ትንሽ ምንጣፍ አድርጊ። ሰውን ማሞቅ እንጂ ክፍሉን መዝጋት አይደለም። በዚህ ከፍታ፣ አዲስ አበባን በመሰለ ከ2300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከሰሉ ሲጨመርበት ይብሳል። ገበያ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ካገኘሽ ሳሎኑ ላይ ስቀዪው፤ ባትሪውን በየጊዜው ፈትሺ። ማንቂያው ስላለ ግን በሩ አይዘጋም።

በረካው አልቆ ፍሙ ሲቀር ብዙ ቤት አንድ ስሕተት ይሠራል። «ቤቱን ትንሽ ያሙቅልን» ተብሎ ፈርኔሎው ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። የተኛ ሰው ራሱ እንደታመመ አያውቅም፤ ከእንቅልፉ አይነሣም። በየክረምቱ ይህን የመሰለ ሐዘን እንሰማለን። አንድ ሰው ተዝለፍልፎ ካገኛችሁት መጀመሪያ በሮችን ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ቢነቃም ሐኪም ይየው።

ፍሙን ለማጥፋት ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የቆርቆሮ ጣሳ ይበቃሻል። ፍሙን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ አስገቢና ክደኚው። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰል ለነገ አቦል ይሆናል። የሸክላ ምድጃ ከሆነ ውኃ አታፍስሺበት፣ ይሰነጠቃል። ጣሳውን በረንዳ ላይ፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ራቅ አድርገሽ፣ ልጁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ጣሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ የበረንዳውን በር ክፍት ተዪው።